ናይሮቢ ይሰማናል፣ ባሌ ዝም ብሏል

አሰገደች በመካኒሳ አቦ ሠፈር "የሬዲዮኗ ሴትዮ" እየተባለች ነበር የምትታወቀው። ከጎረቤቶቿ ግማሾቹ ዜና አንባቢ ትመስላቸው ነበር፤ ግማሾቹ ደግሞ ሬዲዮ ጠጋኝ። ሥራዋ ግን ከሁለቱም የተለየ ነው። ከቤቷ በእግር በሚደረስበት ግቢ ውስጥ አንድ የእርዳታ ድርጅት ዋና መጋዘን ነበረው፤ እሷ የዚያ ድርጅት ሬዲዮ ክፍል ኃላፊ ነበረች። ስልክ በማይደርስባቸው ጣቢያዎች ያሉ ሠራተኞች እህል ሲያልቅባቸው፣ መንገድ ሲበላሽባቸው፣ ሰው ሲታመምባቸው ድምፃቸው የሚደርሰው እዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ነበር።

ሥራዋን ጠንቅቃ ታውቃለች። ለመስክ የሬዲዮ ሠራተኞች ስልጠና የምትሰጠውም እሷ ነበረች። ጥቁር ሰሌዳ ላይ በጠመኔ ምድርን ትስላለች፣ ከምድር በላይ ወፈር ያለ ሽፋን ታሰምራለች፣ ከዚያ ከአንቴናው የሚነሳ ቀስት ወደ ላይ ሰድዳ መልሳ ታወርደዋለች። "ድምፃችሁ ተራራ ጥሶ አይሄድም" ትላቸዋለች። "ወደ ላይ ይወጣል፣ አዮኖስፌር ከሚባለው ሽፋን ላይ ይመለሳል፣ ከዚያ ነው እኔ ጋ የሚወርደው።" ሽፋኑን የሚሠራው ፀሐይ መሆኑን፣ ጨረሯ ከላይኛው አየር ኤሌክትሮኖችን እየነቀለ እንደሚለቃቸው፣ ሌሊት ደግሞ ብዙዎቹ ወደየቦታቸው እየተመለሱ ሽፋኑ እንደሚሳሳ ታስተምራለች። ካስተማረቻቸው መካከል አንዱ ሂርጳ ነበር።

ሂርጳ ከሷ በዕድሜ የሚበልጥ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር፣ የሬዲዮ መልእክት ሲቀበል እንኳ ቆሞ የሚቀበል ሰው ነበር። ቤቱ ላፍቶ ነው፤ ሚስቱ አማከለች ከልጆቻቸው ጋር እዚያው ትኖራለች። እሱ ግን አብዛኛውን ዓመት የሚያሳልፈው ባሌ ቆላ ባለው ጣቢያ ነበር። በየቀኑ ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከአዲስ አበባ ጋር ይነጋገራል። የጭነት መኪኖች የሚነሱት ወደ አስራ ሁለት ሰዓት ስለሆነ፣ መንገዱ ክፍት መሆኑን ወይም ወንዝ መሙላቱን በዚያች ንግግር መንገር የሱ ኃላፊነት ነበር። የሚነጋገሩት በሰባት ሜጋ ኸርዝ፣ በሬዲዮ ሰዎች አጠራር በሰባት ሜጋ ሞገድ ነው። ሬዲዮዎቹ አራት ሜጋ የሚባል ሁለተኛ መስመርም ነበራቸው፤ ግን ያለ አዲስ አበባ ትእዛዝ መስመር መቀየር በጥብቅ የተከለከለ ነበር። ዘመኑ ደርግ ነው፤ ባልተፈቀደ ሞገድ የተገኘ ሰው ከማን ጋር ታወራ ነበር ተብሎ ይጠየቃል።

ያ መስመር በሰባ ሁለት ዓመተ ምሕረት ሲመረጥ የመረጠችው አሰገደች ነች። በሰባት ሜጋ ሌትም ቀንም ጥርት ብሎ ይሰማ ስለነበር አራት ሜጋን የሚያስታውሰው አልነበረም። በዚያ ላይ አራት ሜጋ ቀን ቀን ታችኛው አየር ውስጥ እየተዋጠ ይደክማል፤ ጫጫታውም ብዙ ነው። ለሁሉም አንድ መስመር ይሻላል ብላ ወሰነች፤ ለዓመታትም ልክ ነበረች።

ከሰባ ስድስት መጨረሻ ጀምሮ ግን ባሌ ንጋት ላይ አንዳንድ ቀን መጥፋት ጀመረ። መጀመሪያ በወር አንዴ ነበር፤ ቆይቶ በሳምንት አንዴ ሆነ። አንድ ቀን ድምፁ ይመጣል፣ በማግስቱ የለም። ቀን ስድስት ሰዓት ላይ ሲጠራ ግን ሂርጳ ምንም እንዳልተፈጠረ ሆኖ ይመልሳል። ጠዋት የት ነበርክ ሲሉት ስጠራ ነበር ይላል። ሐሚዳ የምትባል ወጣት የሬዲዮ ሠራተኛ ነበረች፤ የንጋቱ ተራ ብዙ ጊዜ የሷ ነው። ጥሪው መልስ ባጣ ቁጥር መዝገቡ ላይ "ባሌ አልመለሰም" ብላ ትጽፋለች። አሰገደች ያንን እያየች በልቧ አንድ ነገር ወስና ነበር፤ ሰውየው እየደከመው ነው፣ እንቅልፍ እየጣለው ነው። ቢሆንም ለማንም አልተናገረችም፤ ቤተሰብ ያለው ሰው ነው ብላ ዝም አለች። ዝምታዋን እንደ ደግነት ቆጠረችው።

በሰባ ስምንት ሚያዝያ የበልግ ዝናብ በረታ። አንድ ንጋት ባሌ ዝም አለ፤ የጫኑት መኪኖች ግን መቆም ስላልቻሉ ተነሱ፤ ከተነሱ በኋላ ደግሞ ሬዲዮ ስላልያዙ የሚደርስባቸው አልነበረም። ወንዙ ሌሊቱን ሞልቶ መሻገሪያውን ወስዶት ኖሯል። ዳኜ የሚባለው ሾፌር የፊተኛውን መኪና ይዞ ሲወርድ አፈሩ ከሥሩ ተናደና ተገለበጠ። ዳኜ እግሩ ተሰበረ፤ ስንዴው ጭቃና ውሃ ውስጥ ገባ፤ እህሉን ይጠብቁ የነበሩት ሰዎችም ቀናት ጠበቁ።

ሂርጳ ወደ አዲስ አበባ ተጠራ። ጉዳዩ የታየው በመጋዘኑ አዳራሽ በሠራተኞች የውይይት ስብሰባ ላይ ነበር። ሰብሳቢው ጓድ ለሜሳ የአስተዳደር ኃላፊው ነው፤ ክፉ ሰው አይባልም፤ ግን ከላይ ይጠየቃል፤ ስለዚህ ከታች የሚጠየቅ ሰው ያስፈልገው ነበር። በዚያ ዘመን መኪና ተገልብጦ እህል ሲበላሽ "አሻጥር" የምትል ቃል አዳራሹ ላይ ታንዣብባለች፤ ማንም አፉ ላይ ሳያደርጋት ሁሉም ይሰማታል።

ሂርጳ ጠዋቱን ሙሉ መጥራቱን፣ ወንዙ መሙላቱን ደጋግሞ መናገሩን፣ የሚመልስለት ግን አለማግኘቱን ተናገረ። ለሜሳ ወደ አሰገደች ዞረ።

"ጓድ አሰገደች፣ ባለሙያዋ አንቺ ነሽ። ችግሩ ከመሣሪያው ነው ወይስ ከሰውየው?"

አሰገደች ተነስታ ቆመች። መሣሪያው ነው ብትል የመሣሪያው ኃላፊ እሷ መሆኗን አዳራሹ ሁሉ ያውቃል። ይህን አሰበች፤ ማሰቧንም በኋላ ለራሷ አልካደችም። ግን የተናገረችው ከፍርሃት ብቻ አልነበረም፤ የምታምነውንም ነበር የተናገረችው። የሁለቱም ጣቢያ ሬዲዮ ተፈትሾ ደህና ሆኖ መገኘቱን ገለጸች። ቀጠለችና፣ "በዚያው ሰዓት፣ በዚያው ሞገድ ናይሮቢ ያለው ቢሯችን በደንብ ይሰማናል፤ እኛም እንሰማዋለን። ናይሮቢ ከባሌ ብዙ እጥፍ ይርቃል። ያን ያህል ርቆ የሚሄድ ድምፅ እዚህ ቅርብ መድረስ ያቅተዋል ማለት አይቻልም" አለች።

"ስለዚህ?"

"ስለዚህ ከሰውየው ነው።"

ሂርጳ አያት። አስተያየቱ የቁጣ አልነበረም፤ ያስተማረችውን ትምህርት እንደ ገና እንድታብራራለት የሚጠይቅ ይመስል ነበር። አሰገደች ዓይኗን ወደ ወለሉ አወረደች።

ከዚያ ግለ ሂስ አድርግ ተባለ። ሂርጳ ተነሳ። ሲናገር ድምፁ ዝቅ ያለ ነበር፤ ምናልባት እንቅልፍ ሸለብ አድርጎኝ ሊሆን ይችላል፣ የጠራሁ መስሎኝ ሊሆን ይችላል፣ ጥፋቴን ተቀብያለሁ አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ከሬዲዮ ሥራ ተነስቶ ንፋስ ስልክ ባለው ሁለተኛው መጋዘን ከጫኝና አውራጆቹ ጋር ተመደበ። ቀለል ያለ ቅጣት ነው ተባለ፤ እውነትም ለዘመኑ ቀላል ነበር።

የባሌው ጣቢያ ባዶ ሊሆን ስለማይችል፣ ሌላ ሰው እስኪሰለጥን አሰገደች ራሷ ወረደች። በደረሰች ማግስት ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን በሂርጳ የእንጨት ወንበር ላይ ተቀምጣ ማይክሮፎኑን አነሳች።

"አዲስ፣ አዲስ፣ ባሌ ነው የሚጠራችሁ፣ ኦቨር።"

የባዶ ሞገድ ሹክሹክታ ብቻ። ደግማ ጠራች። ባትሪውን ለካች፤ ሙሉ ነው። የእጅ ባትሪ አብርታ ወጥታ አንቴናውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ተመለከተች፤ ምንም አልሆነም። ተመልሳ ጠራች። ከጎን ካለው ሞገድ ከባሕር ማዶ የሚመጣ የአረብኛ ስርጭት ጥርት ብሎ ይሰማል። ቆይቶም የናይሮቢው ሠራተኛ ሳሳ ባለ ድምፅ አዲስ አበባን ደህና አደራችሁ ሲል ሰማችው። አዲስ አበባ ስትመልስለት ግን አልሰማችም። ናይሮቢ የሰማው የሐሚዳ ድምፅ እሷ ጋ አልደረሰም።

ያን ጊዜ እጇ ማይክሮፎኑ ላይ እንዳለ ቀረ። ነገሩ የመጣላት ቀስ በቀስ አልነበረም፤ ከዓመታት በፊት የተማረችው፣ ስታስተምረው የኖረችው ነገር ሁሉ በአንዴ ነው የተገለጠላት።

እነዚያ ላይ ያሉ የተለቀቁ ኤሌክትሮኖች ሲነቀነቁ የራሳቸው የሆነ የመወዛወዝ ፍጥነት አላቸው፤ የፕላዝማ ድግግሞሽ የሚባለው። ብዛታቸው ሲጨምር ፍጥነቱ ይጨምራል፤ ብዛታቸው ወደ ሩብ ቢወርድ ፍጥነቱ በግማሽ ይወርዳል። የሬዲዮ ሞገድ ከዚያ ፍጥነት ዘግይቶ የሚወዛወዝ ከሆነ ኤሌክትሮኖቹ ይደርሱበታል፤ እየተከተሉት ይንቀሳቀሳሉ፣ እንቅስቃሴያቸውም የሞገዱን ኃይል ተቃውሞ ያጠፋውና ወደፊት እንዳያልፍ ይዘጋበታል። መሄጃ ያጣ ሞገድ ወደ መጣበት ይመለሳል። ሞገዱ ከነሱ ከፈጠነ ግን ሊከተሉት አይችሉም፤ ገና ወደ አንድ ወገን መንቀሳቀስ ሲጀምሩ እሱ አቅጣጫውን ቀይሯል። ስለዚህ አልፏቸው ወደ ጠፈር ይሄዳል። ቀጥ ብሎ ወደ ላይ የተላከ ሞገድ ሊመለስ የሚችለው ሽፋኑ እጅግ በወፈረበት ቦታ ካለው የፕላዝማ ድግግሞሽ እስካልበለጠ ድረስ ነው። ያ ነው ወሳኙ ድግግሞሽ።

ባሌ ቅርብ ነው። ለቅርብ ጣቢያ ድምፁ ወደ ላይ ቀጥ ሊል ምንም ያህል ሳይቀረው ወጥቶ ነው የሚወርደው፤ ከወሳኙ ድግግሞሽ ጥቂት ቢያልፍ እንኳ ይበሳና ይሄዳል። ናይሮቢ ሩቅ ነው። ወደ ሩቅ የሚሄደው ሞገድ ሽፋኑን የሚነካው ዘመም ብሎ ነው፤ ሽፋኑ ማጠፍ ያለበት ወደ ላይ የሚያቀናውን የጉዞውን ክፍል ብቻ ስለሆነ፣ የወሳኙን እጥፍ የሚጠጋ ሞገድ እንኳ ጎብጦ ይወርዳል። ስለዚህ ሩቁ እየሰማ ቅርቡ ሊደነቁር ይችላል። ናይሮቢ መስማቱ የሂርጳን ጥፋት አያሳይም። አዳራሽ ውስጥ ቆማ ለክስ ማስረጃ ያደረገችው ነገር ንጹሕነቱን ከሚያስረዱት ምልክቶች አንዱ ነበር።

ደግሞም ፀሐይ አለች። የፀሐይ ጉልበት በአስራ አንድ ዓመት ያህል ዙር ከፍና ዝቅ እንደሚል ታውቃለች። በሰባ ሁለት እሷ መስመር ስትመርጥ ፀሐይ በብርታቷ ላይ ነበረች፤ ሽፋኑ ከመወፈሩ የተነሳ ከንጋት በፊት እንኳ ሰባት ሜጋን ከባሌ ይመልስ ነበር። አሁን ፀሐይ በዝቅታዋ ላይ ናት። ሌሊቱን ሙሉ እየሳሳ የሚያድረው ሽፋን ከንጋት በፊት አራት ሜጋ እንኳ በመከራ የሚመልስበት ደረጃ ላይ ይደርሳል። አንዳንድ ቀን ይሻላል፣ አንዳንድ ቀን ይብሳል። ለዚህ ነው ድምፁ አንድ ቀን መጥቶ በማግስቱ የሚጠፋው። እሷ ይህን ስንፍና ብላዋለች።

ፀሐይዋ ከኮረብታው ላይ በደንብ ከወጣች በኋላ ከሹክሹክታው መካከል የሐሚዳ ድምፅ ቀስ እያለ ብቅ አለ። ልጅቱ በትሕትና ነበር የተናገረችው። ስትጠራት መቆየቷን፣ መዝገቡ ላይም እንደ ልማዷ መጻፏን ነገረቻትና፣ "ድካም ይሆናል ብዬ ነው፣ መንገዱ ረጅም ነው" አለች።

አሰገደች እኔም ስጠራ ነበር ልትል አፏን ከፈተች። ቃሉ የሂርጳ ቃል ነበር። አልወጣላትም።

በማግስቱ አራት ሜጋ ላይ እንዲገናኙ አዘዘች። ከንጋቱ አስራ አንድ ሰዓት ሲሆን የሐሚዳ ድምፅ ከጎን እንዳለ ሰው ድምፅ ገባ። የምታዝበት ሥልጣን ሁልጊዜም በእጇ ነበር። አንድ ቀን እንኳ እንሞክር ብትል ኖሮ ዳኜ እግሩ አይሰበርም ነበር።

ምትክ ሠራተኛውን አስለምዳ ወደ አዲስ አበባ ከተመለሰች በኋላ ቀናትን አሳለፈች። ሂርጳን ለማግኘት ንፋስ ስልክ መጋዘን በር ድረስ ሄዳ ተመልሳለች። አንድ ቀን ጆንያ ተሸክሞ ከመኪና ሲወርድ ከሩቅ አየችው፤ ጀርባው ለእንዲህ ያለ ሸክም የሚሆን አልነበረም፤ እግሩን ሲያስቀምጥ መሬቱን እየፈለገ ነበር። ያን ዕለትም ሳታናግረው ተመለሰች። በመጨረሻ አንድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ላፍቶ ቤቱ ሄደች።

አማከለች በሩን ከፈተች። እንግዳዋን ስታውቅ ፊቷ ተለወጠ፤ ቢሆንም ግቢ አለቻት፤ ወንበር አቧራውን ጠርጋ ሰጠቻት። ሂርጳ አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሊነሳ ሲል አሰገደች እባክዎ አይነሱ ብላ ለመነችው። ከዚያ ሳትቀመጥ ተናገረች።

"ጋሽ ሂርጳ፣ እርስዎ ሲጠሩ ነበር። ድምፅዎ ወደ ላይ አልፎ እየሄደ ነው እንጂ አልተኙም። ስህተቱ የኔ ነው።"

አማከለች ናት የጠየቀችው፤ ድምፅ ወደ ላይ አልፎ ሄደ ማለት ምን ማለት እንደሆነ። አሰገደች በቀላሉ ልታስረዳት ሞከረች። ሰማይ ላይ የፀሐይ ጨረር የሚሠራው የማይታይ ነገር እንዳለ፣ ዘግይቶ የሚወዛወዘውን ድምፅ እንደሚመልስ፣ የፈጠነውን ግን መያዝ እንደማይችል፤ በነዚህ ዓመታት ፀሐይዋ ስለደከመች ያ ነገር ንጋት ላይ እጅግ መሳሳቱን፣ ድምፁን ዝቅ ባለ መስመር መላክ ይገባ እንደነበር፣ የዚያ ትእዛዝ ደግሞ ከሷ መምጣት እንደነበረበት ነገረቻት። አማከለች ከልቧ ነበር የምታዳምጠው። ሲያልቅ አሰብ አደረገች።

"ይህን አሁን ነው ያወቁት?"

አሰገደች አዎ ልትል ትችል ነበር። የሚያጣራባት አልነበረም።

"አይደለም" አለች። "አውቀው ነበር። ሳስተምር ነው የኖርኩት። ሰውን መጠርጠር ቀለለኝና አላሰብኩትም።"

አማከለች ወደ ባሏ አየች፣ ከዚያ ወደ መሬት። ቀስ ብላም ለአሰገደች ያልጠበቀችውን ነገር ነገረቻት። ሂርጳ ከስብሰባው ቀን ጀምሮ ሌሊት እየባነነ ይነሳ ነበር፤ እውነት ተኝቼ ነበር እንዴ እያለ እሷን ይጠይቃታል፤ እሷ አዲስ አበባ ሆና ምን ልታውቅ። እሷም በበኩሏ ቆላ ውስጥ ሌላ ነገር ይዞት ይሆናል ብላ ጠርጥራው ነበር፤ መጠጥ ወይም ሴት። ለወራት በደንብ አላናገረችውም። ይህን ስትናገር አንገቷን አቀረቀረች። ክፍሉ ውስጥ ካሉት ሦስት ሰዎች አንዳቸውም የሌላውን ዓይን ማየት አልቻሉም።

መጨረሻ ላይ ሂርጳ ተናገረ። "መጀመሪያ መጥራቴን እርግጠኛ ነበርኩ" አለ። "ጓዶቹ ፊት ምናልባት ተኝቼ ነበር ስል ውሸት መናገሬ ነበር፤ እንዲያልቅልኝ ብዬ። ቆይቶ ግን አመንኩት። ሰው የራሱን ጆሮ እንዴት እንደሚጠራጠር እርስዎ አያውቁም።" ከዚያ አንድ ነገር ጠየቃት፤ በገዛ ጆሮው መስማት ፈለገ።

የሰዓት እላፊው ስላለ ሂርጳ ማታውን መጥቶ መካኒሳው ግቢ ዘበኞች ክፍል አደረ። ንጋት ላይ ሬዲዮ ክፍል ገባ። ሐሚዳ ወንበሯን ለቀቀችለት፤ እሱ ግን እንደ ልማዱ ቆመ። አሰገደች መጀመሪያ ሰባት ሜጋ ላይ አደረገችው፤ ባሌ ያለውም ሠራተኛ በተስማሙበት መሠረት በዚያው ሰዓት እየጠራ ነው። የሚሰማው ሹክሹክታ ነው፤ በላዩም ናይሮቢ። ሦስቱም አዳመጡ። ከዚያ ቁልፉን ወደ አራት ሜጋ አዞረችው።

"አዲስ፣ አዲስ፣ ባሌ ነው፤ ሰባት ላይ ብዙ ጠራሁ፣ አልሰማችሁኝም፣ ኦቨር።"

ሂርጳ ጠረጴዛውን ያዝ አደረገ። አሰገደች ማይክሮፎኑን ዘረጋችለት። አልተቀበላትም። ባሌ ሁለተኛ ሲጠራ ሐሚዳ ናት የመለሰችለት። ሂርጳ መሬት መሬቱን እያየ፣ "ስንት ጠዋት" አለ፤ ዓረፍተ ነገሩን አልጨረሰውም። ኮቱን ለብሶ ወጣ፤ የንፋስ ስልክ ሥራ የሚጀምርበት ሰዓት እየደረሰ ነበር።

በሚቀጥለው ስብሰባ አሰገደች ቃል ጠየቀች። ለሜሳ አስቀድሞ ቢሮው አስጠርቷት ነገሩን በጽሑፍ ብታደርገው ይበቃል፣ የተዘጋ ጉዳይ መክፈት ለማንም አይጠቅምም ብሏት ነበር። እውነቱን ነው፤ ለሱ አይጠቅመውም፣ ለሷም አይጠቅማትም። አልሰማችውም። አዳራሹ ፊት ቆማ ሂርጳ አለመተኛቱን፣ ጥፋቱ የመስመር ምርጫ መሆኑን፣ መራጯም እሷ መሆኗን፣ ናይሮቢን ለማስረጃ ማቅረቧ ከማያውቅ ሰው ቢሆን ይቅር የሚባል፣ ከሷ ግን የማይባል መሆኑን ተናገረች። ዳኜ በክራንች ተደግፎ የፊት ወንበር ላይ ተቀምጦ ነበር። ሳታየው መናገር አልቻለችም፣ እያየችውም መናገር አልቻለችም።

ስትጨርስ ሰዎቹ አጨበጨቡ። ጭብጨባው ሂርጳ ጥፋቱን ሲቀበል ከሰማችው ጋር አንድ ዓይነት ነበር። ለሜሳ "የሙያ ጉድለት፣ የታረመ" አስብሎ ቃለ ጉባኤ ላይ አስፍሮ ወደሚቀጥለው አጀንዳ አለፈ። የደመወዝ ጭማሪዋ ለአንድ ዓመት ታገደ፤ ከቦታዋ ግን አልተነሳችም፤ የሚተካት አልነበረም። ቅጣቱ አነሰብኝ ብላ ለማንም ልትነግር አትችልም፤ እንደ ትዕቢት ይቆጠርባት ነበር።

ከስብሰባው ሲወጡ ዳኜ በሩ ላይ ጠበቃት። እንድትሸሸው ያልፈለገ ይመስላል፣ ክራንቹን ወደ አንድ ብብቱ ሰብስቦ እጁን ዘረጋላት። እግሩ ደህና እየሆነ መሆኑን፣ ከመስቀል በኋላ መሪ እንደሚይዝ ሐኪም ተስፋ እንደሰጠው ነገራት። ሂርጳን ግን ጭቃ ውስጥ ተኝቶ ክፉኛ ረግሞት እንደነበር፣ አሁን ምን ብሎ እንደሚያናግረው እንደቸገረው አወያያት።

ሂርጳ ወደ ሬዲዮ ሥራው እንዲመለስ ተፈቀደለት። እምቢ አለ። ባሌም፣ ሌላ ቦታም፣ እዚያው መካኒሳ ክፍልም ቢሆን አልፈልግም አለ። ምክንያቱን ለአሰገደች አልነገራትም፤ አማከለች ናት አንድ ቀን ገበያ ላይ አግኝታት የነገረቻት። ማይክሮፎን ሲያስብ መልስ የማይመጣበት ዝምታ ትዝ ይለው ነበር። ጆንያ መሸከሙን ግን ስላልቻለው ወደ መጋዘን ጠባቂነት ተዛወረ፤ ይህን ለማስፈጸም አሰገደች የለሜሳን በር ብዙ ጊዜ አንኳኳች፤ ሂርጳ ግን ማን እንዳንኳኳው እንዲያውቅ አልፈለገችም። አማከለች ቤት ውስጥ እንደ ድሮው መነጋገር መጀመራቸውንም ነግራታለች፤ ይህ ለአሰገደች ትልቅ ነገር ነበር።

የጣቢያዎቹ ሁሉ ፕሮግራም ተቀየረ። ከፀሐይ መጥለቅ ጥቂት ቆይቶ እስከ ጠዋት አራት ሜጋ፣ ቀን ሰባት ሜጋ ሆነ። ከዚያ ወዲህ ያሰለጠነቻቸውን ሁሉ ሰሌዳው ላይ ሁለት ቀስት ነው የምትስልላቸው፤ አንዱ ቀጥ ብሎ ወጥቶ ሽፋኑን በስቶ የሚሄድ፣ አንዱ ዘመም ብሎ ገብቶ ሩቅ የሚወርድ። "የሩቁ ሰው ሰማኝ ማለት የቅርቡ ሰምቶኛል ማለት አይደለም" ትላቸዋለች። "ጣቢያ ዝም ሲላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ሰዓቱንና ሞገዱን ነው። ሰውየውን የምትጠይቁት መጨረሻ ላይ ነው።" ለምን እንዲህ እንደምትል ከጠየቋት የሂርጳን ስም አታነሳም፤ እንዲህ ያደረገችው እሷ መሆኗን ግን ትነግራቸዋለች። አንዳንዶቹ ሰልጣኞች ጠመኔዋን ሲመለከቱ ይቆያሉ።

ንፋስ ስልክ መጋዘን ጉዳይ ሲኖራት ሂርጳ በሩ ላይ ተነስቶ ይቀበላታል፤ "ደህና አደሩ ወይዘሮ አሰገደች" ይላታል፤ ልጆቹን ትጠይቀዋለች፣ ደህና ናቸው ይላታል። ቅሬታ የለውም፤ ድምፁ እንደ ድሮው ዝግ ያለ ነው። ቢቆጣት ይሻላት ነበር። ሰላምታውን ተቀብላ በሩን እስክታልፍ ድረስ ጀርባዋ ላይ የሚሰማት የሀፍረት ሙቀት ሁልጊዜ አንድ ዓይነት ነው፤ ከግቢው ወጥታ አስፋልቱ ላይ ስትደርስ እንኳ ወዲያው አይለቃትም።